«ሰሜን» «Semen» እንዳይሆን፦ ያወጣችሁትን ስም በባዕድ ጆሮ መፈተሻ መንገድ

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ስሙ በላቲን ፊደል የሰፈረው «Simien» ተብሎ ነው። ሰ ግዕዝ ስለሆነ ላማርኛ ጆሮ የሚቀርበው «Semen» ነበር፤ እንዲህ ብለው የሚጽፉ ካርታዎችና ሰነዶች ዛሬም አሉ። «Semen Gondar» የሚል ወረቀት እጁ የገባ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን መጀመሪያ የሚታየው አቅጣጫው አይደለም፤ የወንድ ዘር ፈሳሽ ነው። ስሙ ምንም አላጠፋም። ያጠፋው ከኛ ፊደል ወደ እነሱ ፊደል ሲሻገር የተመረጠለት አናባቢ ነው።

አብዛኛው የስም ጣጣ የሚመጣው ከዚሁ መሻገሪያ ላይ ነው። ስለዚህ ጎንደር ላይ ለእንግዳ ማረፊያ፣ ለምግብ ቤት፣ ለአስጎብኚ ድርጅት ወይም ውጭ ለሚላክ ዕቃ ስም ያሰበ ሰው ቃሉን ብቻ ሳይሆን የቃሉን አጻጻፍና አነጋገር አብሮ መፈተሽ አለበት። ከዚህ በታች አንድ ስም ይዘን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሄዳለን። ስሙ «ፍቅር» ነው፤ ፒያሳ አካባቢ ሊከፈት ለታሰበ የእንግዳ ማረፊያ የቀረበ ስም እንበል። የተመረጠው ሆን ተብሎ ነው፤ ባማርኛ ከዚህ የጸዳ ቃል ማግኘት ያስቸግራል፣ ወደ ውጭ ሲወጣ ግን የሚገጥመው ብዙ ነው።

ሥራው መጠናቀቅ ያለበት የንግድ ስም ከመመዝገቡ፣ ማኅተም ከመቀረጹና ታፔላ ከመጻፉ በፊት ነው። ወረቀትና ስልክ ይዞ የሚሠራው ክፍል አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። ሰው የመጠየቁ ክፍል ግን አራት አምስት ቀን ይወስዳል፤ የሚፈለጉት ሰዎች በአንድ ቀን አይገኙምና። አንድ ስም ብቻ ይዛችሁም አትጀምሩ። ሦስት ዕጩ ያዙ። አንድ ብቻ የያዘ ሰው ልቡ ስለተጣበቀበት የሰማውን መጥፎ ነገር ሁሉ «ግድ የለም» እያለ ያልፈዋል።

ማን እንደሚያነበው ለዩ

የዓለምን ቋንቋ ሁሉ መፈተሽ አይቻልም፣ አያስፈልግምም። በጎንደር ለእንግዳ ማረፊያ የሚያስፈልጉት እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጣልያንኛ፣ ስፓኒሽ፣ ዓረብኛና ዕብራይስጥ ናቸው። የፊተኞቹ አምስቱ የፋሲል ግቢና የሰሜን ተራሮች ጎብኚዎች ቋንቋ ናቸው። ዓረብኛ በመተማ በኩል ከሱዳን ይመጣል። ዕብራይስጥ ደግሞ ከዚሁ ከጎንደር ዙሪያ ወደ እስራኤል ሄደው ቤተሰብ ሊጠይቁ በሚመለሱ ሰዎች ይመጣል። ትግርኛ፣ አገውኛና ኦሮምኛን እንደ ውጭ ቋንቋ አትቁጠሯቸው፤ ጎረቤት ስላሉ በአንድ ጥያቄ ይፈታሉ፣ ግን ሳትጠይቁ አትለፉ። ማር ወይም ቅመም የምትልኩ ከሆነ ዝርዝሩን የሚወስነው ዕቃው የሚደርስበት አገር ነው።

አንደኛ፦ ስሙን ሰው ሊጽፈው በሚችል መልክ ሁሉ ጻፉት

ፊደላችን ወደ ላቲን ሲሻገር የሚዋዥቀው አራት ቦታ ላይ ነው። ሳድስ አንዴ «i»፣ አንዴ «e» ይሆናል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይዋጣል። ግዕዝ «e» ወይም «a» ይሆናል። ቀ «k» ወይም «q» ይሆናል፤ ጠና ጨም ጥንካሬያቸውን ጥለው ተና ቸ ይሆናሉ። የሚጠብቅ ፊደል ደግሞ አንዳንዱ ሁለት ያደርገዋል፣ አንዳንዱ አንድ ይተወዋል።

«ፍቅር» ሦስቱም ፊደሎቹ ሳድስ ስለሆኑና አንዷም ቅ ስለሆነች ይበዛል። ወረቀት ላይ ስታወጡት ይህን ይመስላል፦

Fikir፣ Fiker፣ Fikr፣ Fekir፣ Feker፣ Fker፣ Fiqir፣ Fiqr፣ Fikker

«እኔ የምጽፈው Fikir ብዬ ነው፣ ሌላው ምን አገባኝ» የሚል ይኖራል። ስሙን የምትጽፉት ግን እናንተ ብቻ አይደላችሁም። የንግድ ፈቃዱን የሚተይበው ባለሙያ፣ ታፔላውን የሚጽፈው ሰዓሊ፣ ጉግል ካርታ ላይ ቦታውን የሚመዘግበው እንግዳ፣ ስልክ ደውሎ የሰማውን የሚጽፈው አስጎብኚ ሁሉም የየራሱን አጻጻፍ ያወጣል። ስለዚህ የማትወዱትንም አጻጻፍ ጭምር ነው የምትፈትሹት።

የዚህ ዝርዝር ጥቅሙ ወዲያው የሚታይባቸው ስሞች አሉ። «ምሽት» በሳድሶቹ ምክንያት «Mishit» ሆኖ ሲወጣ የመጨረሻዎቹ አራት ፊደሎች በእንግሊዝኛ ዓይነ ምድር ናቸው፤ ለምሽት ክበብ የሚመኙት ስም አይደለም። «እሸት» «Eshet» ተብሎ ከተጻፈ ደኅና ነው፣ በዕብራይስጥ እንዲያውም «የእገሌ ሚስት» የሚል የክብር ቃል ነው። «Ishit» ብሎ የጻፈው ሰዓሊ ግን በእንግሊዝኛ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሠርቷል፤ «እጸዳዳለሁ» የሚል። «ንጋት» «Nigat» ሲባል መጀመሪያው ጥቁር ሰው በሚሰደብበት የእንግሊዝኛ ቃል ይጀምራል፤ «Negat» ቢባል ይርቃል። «ንጉሥ»ም «Nigus» ከሚባል ውጭ አገር የታወቀውን «Negus» መያዝ ይሻላል። «መርድ» የሚለው የሰው ስም «Merd» ሲሆን ፈረንሳዩ የሚያነበው የራሱን «merde» ነው፣ ማለትም ሰገራ፤ «Merid» ሲሆን ግን ምንም የለበትም።

የማይድን ስምም አለ። ከደብረ ታቦር ዙሪያ ያለውን «ፋርጣ»ን ምንም ብትጽፉት «Farta» ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ በውስጡ ፈስ ያነባል። የአገር ስም ስለሆነ አይነካም፣ ሊነካም አይገባም። «የፋርጣ ማር» ብሎ ብልቃጥ ላይ በላቲን ከመጻፍ በፊት ግን ማሰብ ነው።

ሁለተኛ፦ እያንዳንዱን አጻጻፍ በየቋንቋው ሕግ አንብቡት

እኛ የላቲን ፊደል የተማርነው በእንግሊዝኛ በኩል ስለሆነ ሁሉም እንደ እንግሊዝ የሚያነብ ይመስለናል። አያነብም። ጀርመን «z»ን ጽ፣ «w»ን ቭ፣ «v»ን ፍ አድርጎ ያነባል፤ ቃል በ«er» ሲያልቅ ር ትጠፋና አ ትመስላለች። ፈረንሳይ «h»ን አያነብም፣ የቃል መጨረሻ ተናባቢዎችንም አብዛኛውን ጊዜ ይውጣል። ጣልያን «ch»ን ክ ይለዋል፣ ስለዚህ «Minch» የተባለ ምንጭ «ሚንክ» ይሆንና «ሚንክያ» ወደሚባለው ጸያፍ ቃል ይጠጋል። ስፓኒሽ «j»ን ኸ ይለዋል።

ይህን ሁሉ በቃል መያዝ አያስፈልግም። ስልካችሁ ላይ የጉግል ትርጉምን ክፈቱ፤ በግራ በኩል ያለውን ቋንቋ ጀርመንኛ አድርጉና ስሙን ጻፉ፤ ከዚያ የድምፅ ማጉያውን ምልክት ንኩ። የሚሰማው ጀርመን እንዴት እንደሚያነበው ነው። ትርጉሙን ተዉት፣ ለዚህ ሥራ አይረባም፤ ነውር ቃልን ያለዝባል፣ የመንደር ቋንቋም አያውቅም። የምትፈልጉት ድምፁን ብቻ ነው። የሰማችሁትን በአማርኛ ፊደል ጻፉት፣ ወደ ሌላው ቋንቋ ሂዱ። ለዓረብኛና ለዕብራይስጥ ግን ስሙ በራሳቸው ፊደል መጻፍ ስላለበት ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ለእነሱ ሰው ያስፈልጋል።

«ፍቅር»ን በዚህ ስናሳልፈው ነገሩ ይወጣል። በጀርመንኛ «ficken» ግብረ ሥጋ መፈጸም የሚለው ግስ ጸያፍ መልክ ነው፤ የሚያደርገው ሰው «Ficker» ይባላል። «Fikker» ብሎ የጻፈ ሰው በቀጥታ እሱ ላይ ወድቋል። «Fiker» ትንሽ ይርቃል፤ ክ አንድ ብቻ ስትሆን ጀርመን ፊን አርዝሞ «ፊካ» ይላታል። «Fikir» በ«ir» ስላለቀ ከሁሉም ይርቃል፤ ቱርክኛ የሚሰማ ሰው እንዲያውም «ሐሳብ» የሚለውን ቃል ያገኝበታል፣ ጀርመን አገር ደግሞ ቱርክኛ ሰሚ ሞልቷል። «Feker» በአየርላንድ እንግሊዝኛ ቀለል ያለ ስድብ ይመስላል። «Fker» ደግሞ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ትልቁን ስድባቸውን አሳጥረው የሚጽፉበት መልክ ነው፤ የድረ ገጽ ስም ለማሳጠር ብሎ ሳድሱን የዋጠ ሰው እዚህ ይገባል።

አንድ ነገር ግን ከወረቀቱ ያመልጣል። የኛ ሳድስ ድምፅ ለጀርመን ጆሮ አጭሯን «i» ትመስላለች። «Fikir» ተብሎ ሲነበብ የራቀው ስም፣ እንግዳ ተቀባይዋ ስልክ አንስታ «ፍቅር፣ እንደምን አደሩ» ስትል ተመልሶ ይቀርባል። ስለዚህ ጽሑፉ ያለፈ ስም በአፍም ማለፍ አለበት፤ ሁለቱ አንድ ፈተና አይደሉም።

ሦስተኛ፦ መዝገበ ቃላት

ባለብዙ ቋንቋው ዊክሽነሪ ለዚህ ሥራ የሚመቸው አንድን አጻጻፍ ስትፈልጉ የተገኘበትን ቋንቋ ሁሉ በአንድ ገጽ ስለሚደረድር ነው። አድራሻው ላይ ቃሉን በትንሽ ፊደል ትጨምራላችሁ፤ የጀርመንኛ ስም ሲሆን ግን የመጀመሪያው ፊደል ትልቅ ይሁን፦

```
en.wiktionary.org/wiki/fikir
en.wiktionary.org/wiki/Ficker
```

ገጹ ውስጥ «vulgar»፣ «slang»፣ «offensive» የሚሉትን ቃላት ፈልጉ። ከዘጠኙ አጻጻፍ እያንዳንዱን፣ ከዚያም ከእያንዳንዱ አንድ ፊደል እየቀየራችሁ የሚቀርበውን ፈልጉ፤ ክን በግ፣ ፍን በቭ፣ አንዱን ፊደል በሁለት። «ገጹ የለም» ማለት ስሙ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ያ አጻጻፍ አልተመዘገበም ማለት ብቻ ነው።

አርባን ዲክሽነሪን የሚከፍቱ ብዙ ናቸው። እዚያ ማንም የፈለገውን ስለሚጽፍ የሰው ስም ሁሉ አንድ ብልግና አለው። ብዙ ድምፅ ያላገኘውንና አንድ ሰው ብቻ የጻፈውን ትርጉም እለፉት፤ አለበለዚያ የሚተርፍ ስም አይኖርም።

መዝገበ ቃላት የማይነግራችሁ የታሪክ ጥላ ነው። «ቡና» ለኛ ቡና ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን ናዚዎች አይሁዶችን በፈጁበት አውሽቪትዝ አጠገብ የነበረው የሰው ሠራሽ ጎማ ፋብሪካና እስረኞች የሚሠሩበት ካምፕ በዚሁ ስም «Buna» ይባል ነበር። ለካፌ ስም ቡናን ጣሉ ለማለት አይደለም፤ ከስኒና ከጀበና ሥዕል ጋር ማንም አያምታታውም። ብቻውን በትልቁ «BUNA» ተብሎ ሸሚዝ ላይ ሲታተም ግን ለአንድ እስራኤላዊ ሽማግሌ ሌላ ነገር ሊያስታውስ እንደሚችል ማወቁ አይከፋም። ለዚህ ስሙን በየዊኪፔዲያው ፈልጎ የሚወጣውን ቦታና ታሪክ ማየት ነው።

አራተኛ፦ ዘመዶቻችን ዓረብኛና ዕብራይስጥ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ከጀርመንኛ ጋር የሚገጥመን በአጋጣሚ ነው፤ ዓረብኛና ዕብራይስጥ ግን ከአማርኛ ጋር አንድ ቤት ናቸው፣ ድምፁም ሥሩም ይቀራረባል። የኛን ሰው የሚያሳስተውም ይኸው ነው፤ «ቃሉ እነሱም ጋ አለ» ብሎ ይረጋጋል፣ ትርጉሙ ግን ሌላ ቦታ ሄዷል።

«ዘና» ለመዝናኛ ቤት የሚወደድ ስም ነው። በዓረብኛ «ዘና» ማለት አመነዘረ ማለት ነው፤ ድርጊቱም «ዚና» ይባላል። በዕብራይስጥም ሥሩ ያው ነው፣ «ዞና» ሴተኛ አዳሪ ናት። «ዝና» የሚለውም ስም እዚሁ ላይ ይወድቃል። በላቲን «Zena» ወይም «Zina» ብሎ ማምለጥ ይሞከር ይሆናል፤ ለሱዳን እንግዳ ተብሎ ስሙ በዓረብኛ ፊደል ከተጻፈ ግን ማምለጫ የለም፤ አጫጭር አናባቢዎች አይጻፉም፣ አንባቢው በሚያውቀው ቃል ይሞላዋል።

«ኮሶ»ም እንዲሁ። የሰሜን ደጋ ዛፍ ስለሆነ ለሎጅ ስም ቢታሰብ አይገርምም፤ አማርኛ ተናጋሪ መድኃኒቱን አስታውሶ ፊቱን ቢያጨማድድም። በዓረብኛ ግን «ኩስ» የሴት ብልት ጸያፍ ስም ነው፣ ዕብራይስጥም ይህንኑ ወስዶታል፤ መጨረሻዋ ላይ «ኡ» ስትጨመር ደግሞ በብዙ አገር አነጋገር «የእሱ» ማለት ትሆናለች። ግብፃዊ ኡን ወደ ኦ ስለሚያዘነብል «ኮሶ» ለጆሮው ልክ ነው። ይህን ስም በፊደል ለውጥ ማዳን አይቻልም፤ ይጣላል። ለጥበቃ ድርጅት የሚመረጠው «ዘብ»ም ለዓረብ ጆሮ የወንድ ብልትን ስም ይመስላል፤ በፈረንሳይ የመንደር ቋንቋም «zob» ሆኖ ገብቷል።

«ፍቅር» ዓረብኛ ላይ ሁለት መንገድ አለው። «ፊክር» ማለት ሐሳብ ነው፣ መልካም። ምሁራን እንደሚያደርጉት ቅን በ«q» «Fiqir» ብላችሁ ከጻፋችሁት ግን ዓረቡ የሚያነበው «ፈቂር»ን ነው፤ ድኻ ማለት ነው። «Fiqr»ም «ፈቅር»ን፣ ድኽነትን ያስታውሳል። ነውር አይደለም፣ ግን ለማረፊያ ቤት ስም ድኽነት ማን ይፈልጋል? በዚህ ምክንያት ከዘጠኙ ሁለቱ ተሰረዙ።

ከዚህ ምድብ በሰላም የሚያልፈው ደግሞ «ፋሲል» ነው። ሱዳናዊ ቢሰማው «ለያይ፣ ከፋፋይ» የሚል ቃል ይመስለዋል፣ ሌላ ነገር የለውም። ስን ወደ ሽ እንዳትለውጡት ብቻ፤ «ፋሺል» የወደቀ፣ ያልተሳካለት ማለት ነው።

አምስተኛ፦ ሰው ጠይቁ፣ አጠያየቁን ግን እወቁበት

ለእያንዳንዱ ቋንቋ ሦስት ሰው ያስፈልጋል፤ ከአንድ በላይ አገር፣ ከአንድ በላይ ዕድሜ፣ ከሦስቱም ቢያንስ አንዱ ወጣት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ «concha» ስፔን ውስጥ የባሕር ዛጎል ነው፣ አርጀንቲና ውስጥ የሴት ብልት ነው። ከማድሪድ የመጣ እንግዳ «ምንም የለውም» ቢላችሁ እውነቱን ነው፣ ስለ አርጀንቲና ግን አልመለሰም። ዓረብኛም እንዲሁ ሱዳንና ግብፅ ይለያያል። ሰው ፍለጋው ጎንደር ላይ አያስቸግርም፤ ፋሲል ግቢ በር ላይ ያሉ አስጎብኚዎች ጀርመንኛና ጣልያንኛ የሚናገሩ አሏቸው፣ ዩኒቨርሲቲው የውጭ መምህራን ይገኙበታል፣ ለዕብራይስጥም እስራኤል ዘመድ ያለው ጎረቤት ይገኛል። አስጎብኚው ግን ቋንቋውን የተማረ እንጂ አብሮት ያደገ ስላልሆነ ድልድይ አድርጉት እንጂ ከሦስቱ አትቁጠሩት።

ትልቁ ስሕተት «ይህ ስም በናንተ ቋንቋ መጥፎ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። እንግዳው ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ቡና አፍልታችሁ፣ ፈገግ ብላችሁ ጠይቃችሁት «በጣም ቆንጆ ስም ነው» ከማለት ሌላ ምን ይበል? በዚህ ፈንታ በሦስት እርምጃ ሂዱ። መጀመሪያ ስሙን በአፋችሁ ብቻ፣ በተለመደው ፍጥነት ሁለት ጊዜ በሉት፤ የሰማውን በራሱ አጻጻፍ ወረቀት ላይ እንዲጽፍ ስጡት። ቀጥላችሁ የናንተን አጻጻፍ አሳዩትና ጮክ ብሎ እንዲያነብ አድርጉ። በመጨረሻ «የ13 ዓመት ልጆች ይህን ታፔላ ቢያዩ ምን ብለው ይስቃሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ነውሩን ወደ ልጆቹ ስላዞራችሁለት አፉ ይፈታል።

ፊቱን ተመልከቱ፤ ከመልሱ ይልቅ የመጀመሪያዋ ሰከንድ ትናገራለች። ሲሰማ ቅንድቡ ተነሥቶ ወዲያው የተመለሰ ሰው፣ ጎኑ ያለውን ጓደኛውን ያየ ሰው፣ «እንደገና በለው» ያለ ሰው አንድ ነገር ሰምቷል። ወረቀቱ ላይ የጻፈውም ይመሰክራል፤ ጀርመኑ «ፍቅር»ን ሰምቶ «Ficker» ብሎ ቢጽፍ ማብራሪያ አያስፈልግም። ሌላ ሰው ፊት አትጠይቁ፤ በተለይ ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ አብረው ካሉ።

ስድስተኛ፦ ቃላቱን አጣብቁ

የድረ ገጽና የኢንስታግራም ስም ክፍተት የለውም። ለየብቻ ንጹሕ የሆኑ ሁለት ቃላት ሲጣበቁ መካከላቸው ሦስተኛ ቃል ይወለዳል። በ«s» የሚያልቅ የኛ ስም ሁሉ ቀጥሎ «hit» የሚጀምር ቃል ካገኘ አደጋ ነው፤ «Addis» እና «Hits» ተጣብቀው «addishits» ሲሆኑ አዲስነቱ ይጠፋል። ብስራት ከሚለው ስም መጨረሻ «rat» አይጥ ይወጣል፣ እሱ ግን ማንንም አያስቀይምም። የተጣበቀውን ስም በትናንሽ ፊደላት አንድ መስመር ላይ ጻፉና ስሙን ለማያውቅ ሰው ስጡት፤ የት ላይ እንደሚቆርጠው እዩ።

ፍርዱ

የተገኘ ተመሳሳይ ቃል ሁሉ ስም አያስጥልም። ሸቭሮሌት ኖቫ የተባለው መኪና በስፓኒሽ «አይሄድም» ስለሚል አልተሸጠም የሚባለው ወሬ ሐሰት ነው፤ በሜክሲኮና በቬኔዝዌላ ተሽጧል። ስፓኒሽ ተናጋሪ አንድ ቃል «ኖቫ» ሲሰማ ሁለት ቃል አይሰማም፤ ጫናው የሚያርፍበት ይለያያል። በአንጻሩ የሚትሱቢሺ ፓጄሮ በስፓኒሽ እጁን ለብልግና የሚጠቀም ሰው ስድብ ስለሆነ ስፔንና ስፓኒሽ ተናጋሪ የደቡብ አሜሪካ አገሮች ላይ «ሞንቴሮ» ተብሎ ነው የተሸጠው፤ የሂዩንዳይ ኮናም ፖርቱጋል ውስጥ «ካዋይ» ሆኗል፣ እዚያ «cona» ጸያፍ ነውና። በኖቫና በፓጄሮ መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ነገር ነው፦ የተገጣጠመው ቁራጩ ሳይሆን ሙሉ ቃሉ ነው ወይ? ቃሉ የሚያስቅ ብቻ ሳይሆን ነውር ነው ወይ? ያን ቋንቋ የሚናገር ሰው በርግጥ ደጃችሁ ይመጣል ወይ? ሦስቱም «አዎ» ከሆኑ ስሙ ይጣላል። ሁለቱ ከሆኑ አጻጻፉ ይለወጣል ወይም አጠገቡ ሌላ ቃል ይቆማል። አንዱ ብቻ ከሆነ ተዉት፣ ሥራችሁን ሥሩ።

«ፍቅር»ን እንፍረድበት። ጀርመኖች ይመጣሉ፤ ቃሉ ነውር ነው፤ በአፍ ሲባል ሙሉ ቃሉን ይመስላል፣ «Fikir» ተብሎ ሲጻፍ ግን አይመስልም። ሁለት ተኩል ማለት ነው። ስለዚህ ለብቻው «ፍቅር» ተብሎ በስልክ የሚነሣ ማረፊያ ባይሆን ይመረጣል። «ፍቅር ግቢ» ብሎ «Fikir Gibi» ቢባል ጆሮው ሁለት ቃል አብሮ ስለሚሰማ ስድቡ ይበተናል። ይህን ደግሞ ከመያዝ በፊት እንደገና ከመጀመሪያው ማሳለፍ ነው፤ አዲስ ቃል ተጨምሯልና፤ «Gibi» «Gebi»፣ «Ghebbi» ሊሆን ይችላል፣ የፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈረው በመጨረሻው ነው። ጎብኚው ዓይኑ የለመደው እሱን ስለሆነ «Fikir Ghebbi» ይሻላል። ሲጣበቅ «fikirghebbi»፤ መካከሉ ላይ የተደበቀ ነገር የለም።

አጻጻፉን ቆልፉት

የተመረጠውን አጻጻፍ በትልቁ አንድ ወረቀት ላይ አትሙ፤ ባማርኛ አንድ መስመር፣ በላቲን አንድ መስመር፣ የትኛው ፊደል ትልቅ እንደሆነ ጭምር። ለንግድ ምዝገባ ስትሄዱ በቃል አትናገሩ፤ ወረቀቱን ስጡ፣ ተተይቦ ሲወጣም ከመፈረማችሁ በፊት ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ታፔላ ጻፊው ዘንድም ያው ነው፤ ንድፉን በፎቶ አስልኩና ቀለም ከመነካቱ በፊት «ይሁን» በሉ። ሰዓሊ ለውበት ብሎ ፊደል መደረብ ይወዳል፤ አንዷ ክ ሁለት ከሆነች «Fikker» ተመልሷል። ጉግል ካርታ ላይ ቦታውን ራሳችሁ ቀድማችሁ መዝግቡት፤ እንግዳ ከቀደማችሁ እሱ የጻፈው ነው የሚፈለገው። እንግዳ ተቀባይዋም ስልክ ስታነሣ ሁለቱንም ቃል አብራ እንድትል አስለምዷት።